«ሁሉንም እሺ ብያለሁ እኮ»፦ ከሜንተሯ ጋር ያደረገችውን ውይይት በአንድ ገጽ መጻፍ ለከበዳት እህት

«ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤትና ለሱቅ አስረክባለሁ። አንድ የሴቶች ፕሮግራም ውስጥ ገብቼ ሜንተር ተመደበልኝ፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበራቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሽዬ ነው የምላቸው። ፈቅደውልኝ ያወራነውን በስልኬ ቀዳሁት፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ከዛ አስተባባሪዋ ዓላማሽን፣ የተሰጠሽን ምክርና ቃል የገባሽውን በአንድ ገጽ አድርገሽ አምጪ አለችኝ። ቁጭ ብዬ ስጽፍ 4 ገጽ ሆነ፣ ቃል የገባሁት ብቻ 11 ነገር ወጣ። ጋሽዬ ሲያነቡት ‹ይሄን እኮ ለምሳሌ ነው የነገርኩሽ፣ ይሄንን ደግሞ መቼ አደርጋለሁ አልሽኝ?› አሉኝ፣ በጣም አፈርኩ። ግን ሁሉንም እሺ ብያለሁ እኮ፣ ሪከርዱ ላይ አለ! ምኑን ልተወው ምኑን ልያዘው? 4ቱን ገጽና ታይፕ ያደረግኩትን ልኬልሻለሁ። እንጀራ ጋጋሪዋ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ።»

እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። የላክሽውን በሙሉ አነበብኩት፣ 11ዱንም አንድ በአንድ ታይፕ ካደረግሽው ጋር አስተያየሁት። ከ11ዱ ውስጥ በአንቺ አፍ «አደርጋለሁ» ተብሎ የወጣው 3 ብቻ ነው። የቀረው የጋሽዬ ንግግር ነው፣ አንቺ ከኋላው እሺ ያልሽበት። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ከሌላው በፊት እሱን ላስረዳሽ።

እኛ ትልቅ ሰው ሲያወራን ዝም ብለን አንሰማም፣ በየመሃሉ እሺ፣ እህ፣ ልክ ነው እያልን ነው የምንሰማው፣ ዝም ካልን የናቅናቸው ይመስላል። አንቺ ታይፕ ያደረግሽው ላይ እሺ የሚለው ቃል በየሁለት መስመሩ አለ፣ ያስረክቡለት የነበረ ሆቴል ሳይከፍላቸው ከስሮ ሲዘጋባቸው የሆነውን ታሪክ እያወሩልሽ ራሱ እሺ እያልሽ ነው፣ ታሪክ ላይ እሺ ማለት እየሰማሁዎት ነው ማለት እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ እሺን እንደ ቃል አትቁጠሪው። ቃል የገባሽው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ሪከርዱ ላይ የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ አንቺ ራስሽ ድርጊቱን ስትናገሪው (እነግረዋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እጠይቃለሁ)፣ ሁለተኛ ደግሞ ድርጊቱ ላይ የተንጠለጠለ አንድ የሚጨበጥ ነገር፣ መቼ ወይ ለማን ወይ ስንት የሚል። ሁለቱም ካሉ ቃል ነው። ድርጊቱን ተናግረሽ ቀኑ ከሌለ ግማሽ ቃል ነው፣ እሱን እንዴት እንደምትጽፊው እነግርሻለሁ። ጋሽዬ የፈለገውን ያህል አጥብቀው ቢናገሩ፣ ጠረጴዛ እየመቱም ቢሆን፣ አንቺ እስክታነሺው ድረስ ምክር ነው።

የራስሽን ንግግር ልጥቀስልሽ፣ ስለ ዱቤው ያወራችሁትን። 12:40 ላይ ጋሽዬ «ዱቤውን ካልቆረጥሽ ይሄ ሥራ ይበላሻል» አሉሽ፣ አንቺ «እሺ» አልሽ። 31:05 ላይ ደግሞ ተመልሰው መጡበትና «ለምን መጀመሪያ ለአንዱ ብቻ አትነግሪውም፣ ትልቁ ዕዳ ላለበት?» ሲሉሽ «እሱ እኮ ዋና ደንበኛዬ ነው... እስቲ አየዋለሁ» አልሽ። ከዛ 58:20 ላይ፣ ሌላ ነገር እያወራችሁ ከቆያችሁ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ «በቃ ቅዳሜ ሂሳብ ሲያደርጉልኝ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ ዱቤ አልሰጥም ብዬ» አልሽ።

አሁን አንቺ 4 ገጽሽ ላይ ይሄንን ሦስት ቦታ ነው የጻፍሽው፣ «ዱቤ አቆማለሁ»፣ «ለትልቁ ባለዕዳ ለመንገር አስባለሁ»፣ «ቅዳሜ እነግረዋለሁ» ብለሽ፣ ሦስቱም ቃል የገባሁት በሚለው ስር። አንድ ጉዳይ ግን አንዴ ብቻ ነው መጻፍ ያለበት፣ የሚጻፈውም የመጨረሻው ነው። 12:40 ላይ ያለው የጋሽዬ ስጋት ነው። 31:05 ምክር ነው፣ ያንቺ «እስቲ አየዋለሁ» ደግሞ በአማርኛችን ብዙ ጊዜ አልፈልግም የሚለውን በትህትና ማለት ስለሆነ ቃል ብሎ መጻፍ በጣም ያሳስታል። 58:20 ግን ንጹህ ቃል ነው፣ ለማን እንደሆነ አለ፣ መቼ እንደሆነ አለ፣ ምን እንደምትዪውም አለ። ደግሞ ልብ በይ፣ ቃሉ ከምክሩ ያንሳል። ጋሽዬ ዱቤ ቁረጪ ነው ያሉት፣ አንቺ ዱቤ አልሰጥም አላልሽም፣ ከአንድ ሳምንት በላይ አልሰጥም ነው ያልሽው። ይሄን ልዩነት እንዳለ አስቀምጪው፣ ወደ ምክሩ አትጎትቺው። ጋሽዬ የማይስማሙ ከሆነ ወረቀቱ ላይ አይተው ይነግሩሻል፣ አንቺ ግን ያላልሽውን ዱቤ በሙሉ አቆማለሁ ብለሽ ጽፈሽ በኋላ ስምንት ቀን ያለፈ ሳይሆን የሦስት ቀን ዱቤ ሰጥተሽ ቢያዩሽ ቃልሽን ያጠፍሽ ትመስያለሽ።

ስለዚህ ስትሰሚ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ነገር ሁሉንም ታይፕ ማድረግ ተይው። አንድ ሰዓት የሚሆን ንግግር ቃል በቃል በእጅ መገልበጥ ለለመደ ሰው ራሱ አራት ሰዓትና ከዛ በላይ ይፈጃል፣ አንቺ ደግሞ ሌሊት ተነስተሽ የምትጋግሪ ሰው ነሽ፣ ለአንድ ገጽ ጽሑፍ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ደብተር ይዘሽ ከመጨረሻዎቹ አስር ምናምን ደቂቃዎች ጀምሪ። ሰው ሊለያይ ሲል ነው «በቃ እንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እርስዎም ይሄን ይልኩልኛል» የሚባባለው፣ ያንቺም ሪከርድ ላይ ከሦስቱ ሁለቱ ቃሎች ያሉት ከ58ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። መጨረሻውን ከሰማሽ በኋላ ከመጀመሪያው አንስተሽ ስታዳምጪ ወሬው ወዴት እየሄደ እንደነበር ስለምታውቂ የትኛው ነገር እንደበሰለና የትኛው መሃል ላይ እንደቀረ በቀላሉ ይገባሻል። ያኔ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ፣ ደቂቃውንና አንድ ሁለት ቃል ብቻ ጻፊ፣ «31:05 ትልቁ ባለዕዳ»፣ «40:15 ሦስት ምጣድ» እያልሽ፣ አጠገቡም አንድ ፊደል፣ ዓ ለዓላማ፣ ም ለምክር፣ ቃ ለቃል። ሲያልቅ ምልክት ያደረግሽባቸው ቦታዎች ብቻ ተመልሰሽ ትሰሚያለሽ።

ከምልክቱ ጎን ማን እንደተናገረው መጻፍ እንዳትረሺ። አማርኛ ላይ «ይደውላል»፣ «ይነገረዋል» ብለን ባለቤቱን ሳንጠራ ስለምናልፍ፣ ከሳምንት በኋላ ማስታወሻሽን ስታዪው ማን እንደሚደውል ይጠፋብሻል። አንቱታው ደግሞ ይብስበታል፣ 49ኛው ደቂቃ ላይ ጋሽዬ «ከዱከም ጤፍ የሚያመጡት ይደውሉልሻል» ብለዋል፣ አንቺ 4 ገጽሽ ላይ «ነጋዴዎቹ ይደውላሉ» ብለሽ ጽፈሻል፣ ግን ትንሽ ዝቅ ብዬ ሳነበው ጋሽዬ የሚያወሩት ስለ አንድ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ አንቱ እያሏቸው። ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰው ግሱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጽሑፍ ላይ «አንድ ጤፍ አምጪ» ወይ «ነጋዴዎች» ብለሽ ለይተሽ ካላስቀመጥሽ ማን እንደሚደውል አይታወቅም።

«እናደርጋለን» የሚለውም እንደዛው ነው። 52:30 ላይ ጋሽዬ «ያንን ባለሱቅ እናነጋግረዋለን» አሉ። ማን ነው የሚያነጋግረው? እሳቸው ናቸው? አንቺ ነሽ? አብራችሁ ናችሁ? አንቺ ቃሌ ብለሽ ወስደሽዋል፣ ምናልባት እሳቸው ራሳቸው ሊደውሉለት አስበው ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ዓይነቱን አትወስኚው፣ ለብቻው «ያልተቋጨ» ብለሽ አስቀምጪና ጠይቂ።

አሁን ወደ ዓላማው እንምጣ። አንቺ የጻፍሽው «ሥራዬን ማስፋት» ነው። እሱ በሦስተኛው ደቂቃ ጋሽዬ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉሽ ቶሎ ብለሽ የመለስሽው ነው፣ እኔም ብጠየቅ እንደዛ ነው የምለው፣ ሁሉም ሰው ሲጠየቅ የሚለውን ነው ያልሽው። ሰው የምሩን የሚናገረው ትንሽ ከሞቀው በኋላ ነው። ያንቺ 22ኛው ደቂቃ ላይ ነው ያለው፣ «አንድ ምጣድ አልበቃኝም፣ ትዕዛዝ እየመለስኩ ነው፣ ሁዳዴ ሳይገባ ሁለተኛ ምጣድ ብገዛ፣ ግን ብድር ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ ብሬ ሁሉ ደንበኞቹ ጋ ነው ያለው» ብለሻል። ዓላማሽ ይሄው ነው፣ ራስሽ ከነቀነ ገደቡ ነግረሽናል። እና ጋሽዬ ስለ ዱቤ ይሄን ሁሉ ያወሩት ለምን እንደሆነ አየሽ? ምጣዱን ያለ ብድር ለመግዛት ደንበኞች ጋ የተኛው ብር መምጣት አለበት። ስለዚህ ዱቤ መሰብሰብ ዓላማ አይደለም፣ ወደ ዓላማው የሚወስድ መንገድ ነው፣ ቦታው ምክር ስር ነው። አንቺ ዓላማ ስር 5 ነገር ጽፈሻል፣ ዱቤ መቀነስ፣ ደብተር መያዝ፣ የቤትና የሥራ ብር መለየት ምናምን፣ እነዚህ በሙሉ መንገድ ናቸው። ለመለየት ስትቸገሪ ራስሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፣ ጋሽዬን ባላገኛቸው ኖሮ ይሄንን እፈልገው ነበር ወይ? ምጣዱን ትፈልጊው ነበር። ደብተሩን አትፈልጊውም ነበር።

ሁዳዴ የሚለውን ደግሞ በቀን ተኪው። በየዓመቱ ቀኑ ስለሚቀያየር ወረቀቱ ላይ «ከፆም በፊት» ብለሽ ከተውሽው አስተባባሪዋ ፋይል ውስጥ ገብቶ ከወራት በኋላ ለሚያነበው ሰው ምንም አይለውም። በ2018 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 9 ሰኞ ነው፣ እንደዛ ብለሽ ጻፊው። «ነገ»፣ «ቅዳሜ»፣ «በሚቀጥለው» የሚሉትም በሙሉ ወደ ቀን ይቀየሩ፣ ለዚህ ነው ወረቀቱ አናት ላይ የተቀዳበት ቀን መኖር ያለበት፣ አንቺ አልጻፍሽውም። የተገናኛችሁት ረቡዕ ጥር 13 ስለሆነ «ነገ» ማለት ሐሙስ ጥር 14 ነው፣ «ቅዳሜ» ማለት ጥር 16 ነው።

ምክሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምክንያቱን ይቆርጠዋል። «አንድ ምጣድ ብቻ ግዢ» ብለሽ ጽፈሻል፣ ይሄ ብቻውን ትእዛዝ ነው፣ ነገ ሁኔታው ሲቀየር አሁንም ይሠራል አይሠራም ብለሽ ማሰብ አትችዪም። 40:15 ላይ የሆነውን ተመልሰሽ ስሚው፣ አንቺ ነሽ «ከገዛሁ አይቀር ሦስት ልግዛ?» ብለሽ የጠየቅሽው፣ ጋሽዬም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉና ሳቁ፣ ከዛ «አንዱን ግዢና ቀኑን ሙሉ ሥራ ካገኘ ያኔ ሌላውን እናወራለን» አሉ። ተረቱን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግሽም፣ ተረት ለየትኛው ጥያቄ እንደተመለሰ ካልታወቀ ለሁሉም ነገር ይሆናል። የሚጻፈው «ሦስት ምጣድ በአንዴ ከመግዛት አንዱን ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ሥራ ማግኘቱን ማየት፣ ካገኘ ሌላውን ማሰብ» ነው። እዚህ ውስጥ «ካገኘ» የምትለዋ ቃል ዋናዋ ናት። የትልልቅ ሰዎች ምክር አብዛኛው «ከሆነ» ያለበት ነው፣ ብር ሲኖርሽ ጤፍ በኩንታል ግዢ፣ ከሌለሽ በኪሎው ቀጥዪ ነው ያሉሽ፣ አንቺ ጋ የገባው «ጤፍ በኩንታል መግዛት» ብቻ ነው። እጅሽ ላይ ብር ሳይኖር በዚህ ተነስተሽ ኩንታል ጤፍ በዱቤ ብታስመጪ የሳቸውን ምክር ተገልብጦ ነው የተገበርሽው።

ታሪኮቹን በተመለከተ፣ ሆቴሉ ሦስት ወር ሳይከፍላቸው ከስሮ መዘጋቱ በጣም ጥሩ ታሪክ ነው፣ አንቺ ግን ከሱ ተነስተሽ «ለሆቴል አላስረክብም» ብለሽ ቃል አድርገሽዋል። ጋሽዬ የተቆጡት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ታሪክ ውስጥ ያለውን ትምህርት ራሳቸው አውጥተው ከተናገሩት ምክር ስር ይገባል፣ ካልተናገሩት ግን አንቺ አትጨምሪላቸው። እሳቸው ከታሪኩ በኋላ ያሉት «ስለዚህ አንድ ደንበኛ ላይ ብዙ ብር አይከማችብሽ» ነው፣ ለሆቴል አትስጪ የሚል ቃል አልወጣቸውም፣ ደግሜ ፈለግኩት የለም። ጥያቄዎቻቸውም እንዲሁ ናቸው። «የቤት ኪራዩን ከሥራው ብር ነው የምትከፍዪው?» ብለው ጠየቁሽ እንጂ አትክፈዪ አላሉም፣ አንቺ እንደ ምክር ጽፈሽዋል። እርግጥ ከዛ በኋላ 36ኛው ደቂቃ ላይ «ብሩን ለይው፣ ለራስሽም ደሞዝ ቁረጪላት» ብለዋል፣ እሱ ነው ምክሩ፣ ደቂቃውን ወደዛ አዙሪው።

ቁጥር ላይ በጣም እንድትጠነቀቂ እለምንሻለሁ። የቀዳሽው ካፌ ውስጥ ነው መሰለኝ፣ የማኪያቶው ማሽን ሲጮህ አንዳንድ ቦታ ታይፕሽ ይዘላል። 44:10 ላይ ጋሽዬ «በሳምንት ስልሳ ኪሎ ጤፍ» እንዳሉ አድርገሽ ጽፈሻል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ራስሽ ሰላሳ ኪሎ ነው የምጠቀመው ብለሻል። ስልሳና ሰላሳ በጆሮ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ስልክ ላይ ከጫጫታ ጋር ሲሆን ደግሞ ለመለየት ከባድ ነው። እንደዚህ ሲሆን በግምት አትሙዪው፣ ፍጥነቱን ቀንሰሽ በኢርፎን ስሚው፣ ካልለየልሽ «44:10 አልተሰማም» ብለሽ ተይውና ራስሽ የምታውቂው ነገር ከሆነ አስተካክዪ፣ የጋሽዬ ከሆነ ጠይቂያቸው። ልክ እንደዚሁ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «ህእ» የምንላት አዎንታ ሪከርድ ላይ ብዙ ጊዜ አትያዝም፣ ጭንቅላት መነቅነቅ ጭራሽ የለም፣ ስለዚህ ጋሽዬ መልስ ሳይሰጡ ያለፉ የሚመስልሽ ቦታ ላይ አልመለሱም ብለሽ እንዳትደመድሚ።

ምን መቅረት እንዳለበትም ልናገር። ይሄ ወረቀት ለአስተባባሪዋ ይሄዳል። የእህትሽን ዕዳ፣ ከባለቤትሽ ጋር ያወራችሁትን፣ ያ የምግብ ቤቱ ባለቤት በስሙ ተጠርቶ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ እነዚህ በሙሉ ለጋሽዬ ያወራሽው ስላመንሻቸው ነው እንጂ ለፋይል አይደለም። ሰውየውን «ትልቁ ምግብ ቤት» ማለት ይበቃል። ሪከርዱን ራሱን ደግሞ ለማንም ፎርዋርድ አታድርጊው፣ ጋሽዬ ቅጂ ብለው የፈቀዱት ለማስታወሻ ነው፣ ጽሑፉን አይተው ልክ ነው ካሉ በኋላ አጥፍተሽው እንዳጠፋሽው ንገሪያቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ከፍተው ያወሩሻል። ማስቀመጥ ከፈለግሽ ግን አስፈቅጂ።

ይሄን ሁሉ አድርጌ ያንቺን 4 ገጽ ስጨምቀው ይሄ ወጣ፣ ካንቺ ቃል ውጪ የጨመርኩት የለም፦

ውይይቱ ረቡዕ ጥር 13፣ ቀጣይ ቀጠሮ ረቡዕ ጥር 27።

ዓላማ፦ ሁዳዴ ሳይገባ (የካቲት 9) ሁለተኛ ምጣድ ያለ ብድር መግዛት።

የተሰጠ ምክር፦ አንድ ደንበኛ ላይ ብዙ ብር እንዳይከማች ዱቤውን መቁረጥ፣ ከትልቁ ባለዕዳ መጀመር (12:40፣ 31:05)። የቤትና የሥራ ብር መለየት፣ ለራሴ ደሞዝ መቁረጥ (36)። ሦስት ምጣድ በአንዴ ከመግዛት አንዱን ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ሥራ ማግኘቱን ማየት፣ ካገኘ ሌላውን ማሰብ (40:15)። ጤፍ በኩንታል መግዛት ብር እጄ ላይ ሲኖር ብቻ፣ አለዚያ በኪሎ መቀጠል (47)።

ቃል የገባሁት፦ ከሐሙስ ጥር 14 ጀምሮ ለማን ስንት እንጀራ እንደሰጠሁና ስንት እንደተከፈለኝ ማታ ማታ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተሩን ጥር 27 ይዤ እመጣለሁ (27:50)። ቅዳሜ ጥር 16 ለትልቁ ምግብ ቤት ባለቤት ከ1 ሳምንት በላይ ዱቤ እንደማልሰጥ እነግረዋለሁ (58:20)። እህቴ ልጁን የምትይዝልኝ ቀን ወጥቼ የምጣድ ዋጋ ከሁለት ቦታ እጠይቃለሁ፣ ቀን አልተቆረጠም (1:04)።

ከጋሽዬ የሚጠበቅ፦ የጤፍ አምጪውን ስልክ ይልኩልኛል (1:06)።

ያልተቋጨ፦ ባለሱቁን የሚያነጋግረው ማን ነው (52:30)? ጋሽዬ በሳምንት ያሉኝ ጤፍ 30 ኪሎ ነው 60 (44:10)?

ስለ ሦስተኛው ቃል አንድ ነገር ልበልሽ፣ ግማሽ ቃል ያልኩሽ እሱ ነው። 4 ገጽሽ ላይ «በዚህ ሳምንት ዋጋ እጠይቃለሁ» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ሪከርዱ ላይ ግን በዚህ ሳምንት የሚል ነገር የለም፣ ያልሽው «እህቴ ልጁን የምትይዝልኝ ቀን» ነው። ጥሩ እንዲመስል ብለሽ እንደጨመርሽው ይገባኛል፣ ግን እህትሽ ባትመጣ ያላልሽውን ቀን ያጠፋሽ አንቺ ትሆኛለሽ። ቅድመ ሁኔታውን እንዳለ ጻፊው፣ ከጎኑ «ቀን አልተቆረጠም» በይ፣ ጋሽዬ ራሳቸው «እህትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ይጠይቁሻል፣ ያኔ ቀን ይኖረዋል። ሁለቱ ግን ልክ ናቸው፣ በተለይ የደብተሩ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም መፈጸሙ የሚታይበት መንገድ ራስሽ ተናግረሻል፣ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ ብለሽ። የቅዳሜው ላይ እንደዛ የለም፣ ነግረሽው ምን እንዳለ ጥር 27 ትናገሪያለሽ፣ ይበቃል፣ ማስረጃ ፍለጋ ሰውየውን በድምፅ መቅዳት ምናምን ውስጥ እንዳትገቢ።

የምክሩ ክፍል አሁንም በዛ ካልሽ፣ ከዓላማው ጋር የማይገናኘውን አውጪ። ጋሽዬ ስለ ስያሜና ስለ ማስታወቂያ ያወሩትን ጥሩ ነገር ቢሆንም እኔ አላስገባሁትም፣ ሁለተኛ ምጣድ ከመግዛት ጋር አይገናኝም፣ ላንቺ ደብተር ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላ ጊዜ ያ ጉዳይ ሲነሳ ታወጪዋለሽ። ከአሁን በኋላ ደግሞ ቢበዛ በማግስቱ ጻፊው፣ ከቆየ ሪከርዱ ቢኖርም የተባለው ነገር በምን ስሜት እንደተባለ ይረሳል፣ የቱ ጋ እየሳቁ እንደነበር፣ የቱ ጋ የምራቸውን እንደነበር።

ስትለያዩም ሁለት ደቂቃ ውሰጂና ስልኩ እየቀዳ «ጋሽዬ እንግዲህ እኔ የማደርገው ይሄንና ይሄን ነው፣ በዚህ ቀን፣ ልክ ነኝ?» በያቸው። እሳቸው ሳይሆኑ አንቺ ተናገሪው። ይሄን ካደረግሽ ቃል የገባሁት የሚለው ክፍል ተጽፎ አለቀ ማለት ነው፣ ከሪከርዱ መጨረሻ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀርሽ።

አሁን ግን የመጀመሪያውን 4 ገጽ እጃቸው ላይ ስላለ አዲሱን ዝም ብለሽ አትላኪው፣ የትኛው ነው ልክ ብለው ግራ ይገባቸዋል። ቴሌግራም ላይ ከወረቀቱ ፎቶ ጋር እንዲህ ብለሽ ላኪላቸው፦

«ጋሽዬ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ። የጥር 13ቱን ውይይት እንደገና ሰምቼ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ፣ ከበፊቱ 4 ገጽ ይልቅ ይሄንን ይያዙልኝ። ቃል የገባሁት 3 ነገር ነው፣ ምክርዎን ደግሞ ለብቻው አድርጌዋለሁ። ያላሉትን ጽፌ ከሆነ ወይም የቀረ ካለ ይንገሩኝ። ሁለት ያልገባኝ ነገር ታች ላይ አለ፣ ባለሱቁን እኔ ላነጋግረው ወይስ እርስዎ ይደውሉለታል? ያቺ 44ኛው ደቂቃ ላይ ያለችውስ 30 ኪሎ ነው 60 ያሉኝ? የጤፍ አምጪውን ስልክም ሲመችዎ ይላኩልኝ። ልክ ነው ሲሉኝ ለአስተባባሪዋ እሰጣታለሁ፣ ሪከርዱንም አጠፋዋለሁ።»